አንድ ስላይድ፣ አንድ እርምጃ፦ «ገብታችሁ፣ ከፍታችሁ፣ መርጣችሁ»ን ከካሩሰላችሁ ማስወጣት

ባለፈው እህቴ ቴሌግራሟ ላይ ሁለተኛ ፓስወርድ ማብራት ፈለገችና ኢንስታግራም ላይ የለጠፍኩትን ካሩሰል ላኩላት። በጣት እየተገፋ የሚታይ ሰባት ስላይድ ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ እውነቱን ለመናገር ኮርቼበትም ነበር። ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ጀመረች። ስድስተኛው ስላይድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ቴሌግራም ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ከዚያ ቀና ብላ «ቆይ፣ ኮዱ የሚመጣው የት ነው?» አለችኝ።

ስላይዱ ላይ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«ኢሜይላችሁን አስገብታችሁ የተላከላችሁን ኮድ አረጋግጡ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ትእዛዝ ነው። ስጽፈው አንድ እርምጃ መስሎኝ ነበር። እስቲ ቁጠሩት። ኢሜይል መጻፍ፣ መቀጠያውን መንካት፣ ከቴሌግራም መውጣት፣ የኢሜይል አፑን መክፈት፣ መልእክቱን መፈለግ፣ ኮዱን ማየት፣ ወደ ቴሌግራም መመለስ፣ ኮዱን መጻፍ። ስምንት ነገር አንዲት መስመር ውስጥ ጠቅጥቄ ነው «አንድ ስላይድ፣ አንድ እርምጃ» እያልኩ ሰው የምመክረው።

ከዚያ በኋላ ካሩሰሉን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። እንዴት እንደሠራሁት በዚያው ምሳሌ ላሳያችሁ።

ጥፋተኛው ቦዝ አንቀጹ ነው

ትምህርት ቤት «ቦዝ አንቀጽ» ሲሉን የነበረውን አስታወሳችሁ? ገብቶ፣ ከፍቶ፣ መርጦ፣ አስገብቶ። ዓረፍተ ነገሩን የማይዘጋው ግስ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ የፈለግነውን ያህል መደርደር እንችላለን፣ አማርኛችን ምንም አይለንም። «ሴቲንግ ገብታችሁ ፕራይቬሲን ነክታችሁ ወደ ታች ወርዳችሁ ክፈቱት» ብንል የማንንም ጆሮ አይቆረቁርም። ወሬ ስናወራ እንዲያውም ያምራል።

ካሩሰል ላይ ግን ወጥመድ ነው። ምክንያቱም ጸሐፊው አንድ ማሰሪያ አንቀጽ ብቻ ስለሚያይ አንድ እርምጃ የጻፈ ይመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማጣሪያ ይህ ነው፦ የጻፋችሁትን እያንዳንዱን የስላይድ መስመር አንብቡና በ«ችሁ» የሚያልቀውን ቦዝ አንቀጽ ሁሉ አክብቡ። አንድ ክብ ማለት አንድ የተደበቀ ስላይድ ማለት ነው። «እና» ወይም በ«ና» የተያያዘ ትእዛዝም («ክፈቱና ምረጡ») እንደዚያው ይከበባል፣ እሱ ግን ቢያንስ በግልጽ ስለሚታይ ብዙ አያታልልም።

ይህ የሰዋስው ጭንቀት ብቻ አይደለም። አንባቢያችሁ ምን ላይ እንዳለ አስቡ። መመሪያው ያለው ስልኩ ላይ ነው፣ የሚሠራውም እዚያው ስልክ ላይ ነው። ስላይዱን ያነባል፣ ከኢንስታግራም ይወጣል፣ ሌላ አፕ ይከፍታል፣ ይሠራል፣ ይመለሳል። በዚያ መካከል መመሪያው አይታየውም፤ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ ነገር ይዞ መሄድ ቀላል ነው። ሦስት ነገር ይዞ ከሄደ ሁለተኛው ላይ ይጠፋበታል፣ ሲመለስ ደግሞ ፊዱ ታድሶ ፖስቱ ራሱ ላይኖር ይችላል። እህቴ የተመላለሰችው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ሥሩት፣ ከዚያ ጻፉት

ዲዛይን መሥሪያውን ገና አትክፈቱት። ሥራውን ራሳችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሩት፣ ስትሠሩም ስክሪኑን በቪዲዮ ቅዱት። ዛሬ አብዛኛው ስልክ የስክሪን መቅጃ አለው። በማስታወስ የምትጽፉ ከሆነ እጃችሁ የለመደውን ንክኪ ሁሉ ትዘሉታላችሁ። እኔ በማስታወስ ስጽፍ ሰባት ስላይድ ወጣኝ፤ ቪዲዮውን ቆም እያደረግሁ ስቆጥር ግን በመጀመሪያው ዝርዝሬ ጭራሽ ያልነበረ አንድ ሙሉ ገጽ አገኘሁ። Two-Step Verification ሲነካ መጀመሪያ የሚመጣው ማብራሪያና አንድ ትልቅ በተን ብቻ ያለው ገጽ ነው። ሁልጊዜ ሳላነበው ስለማልፈው ለእኔ የለም ማለት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው ግን «ልክ ቦታ ነው የመጣሁት?» ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነው።

ቪዲዮውን እያያችሁ እያንዳንዱን ንክኪ አንድ አንድ መስመር ላይ ጻፉ። ረጅም ይሆናል፣ አትደንግጡ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከእነዚህ ውስጥ የቱ ለብቻው ስላይድ ይገባዋል የሚለው ነው።

የምጠቀምበት መለኪያ እንዲህ ነው። አንድ እርምጃ የሚያልቀው አንባቢው ስልኩን አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ የሚችልበት ቦታ ላይ ነው። ማለትም ስክሪኑ ተለውጧል፣ የተለወጠውንም በዓይኑ ማየት ይችላል፣ ሲመለስም ከዚያው ይቀጥላል። በዚህ መለኪያ «ኢሜይላችሁን ጻፉ» እና «መቀጠያውን ንኩ» ሁለት ስላይድ አይሆኑም። ጽፎ ሳይነካ ቢቆም ምንም አልተለወጠምና። የሚዘጋው ንክኪ የእርምጃው ጅራት ነው፣ በሥዕሉ ላይ በቀስት ታሳዩታላችሁ እንጂ በጽሑፍ አትቆጥሩትም። «ከቴሌግራም የመጣውን ኢሜይል ክፈቱ» ግን ለብቻው ይቆማል፤ ሌላ አፕ ነው፣ ሌላ ስክሪን ነው፣ ውጤቱም ይታያል።

የሚያጠራጥር ነገር ሲገጥማችሁ ለዩት። ለምሳሌ ቴሌግራም ፓስወርዱን ካስገባችሁ በኋላ ያንኑ እንደገና ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ «ያው አንድ ነገር ነው» ብዬ አንድ ላይ ላደርገው ነበር። ግን ስክሪኑ ይለወጣል፣ ሰውየውም እንደገና መጻፍ አለበት። ለየሁት። ስላይድ በዛ ብሎ የሚያማርር አንባቢ እስካሁን አላገኘሁም፣ ጠፍቶበት የሚያማርር ግን ሞልቷል።

የቦታ ችግርም የለባችሁም። ኢንስታግራም ከ2024 ጀምሮ በአንድ ካሩሰል እስከ 20 ስላይድ ይቀበላል፣ ከዚያ በፊት 10 ነበር። ሊንክድኢን ላይ ደግሞ ሙሉውን እንደ ፒዲኤፍ ነው የምትጭኑት። ከ20 ካለፈ አትጠቅጥቁት፤ ሁለት ካሩሰል አድርጉት፣ መቁረጫውም ሰውየው ቢያቆም ምንም የማይበላሽበት ቦታ ይሁን።

ስላይዱ ላይ ምን ይቀመጣል

አራት ነገር ብቻ፦ ቁጥር፣ የትእዛዝ መስመር፣ ሥዕል፣ እና የውጤት መስመር።

የትእዛዝ መስመሩ ከስድስት ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ርዕሳችሁ ሦስት መስመር ከሆነ «ምን ላድርግ?» የሚለው መልስ ሦስተኛው መስመር ላይ ይቀበራል። «አዲሱን ፓስወርድ ጻፉ» የሚለውን ሰው በአንድ እይታ ይይዘዋል። «መለያችሁን ከሌባ ለመጠበቅ የሚያስችል ጠንካራ ፓስወርድ በመምረጥ እዚህ ጋ ጻፉ» የሚለው ላይ ግን ግሱ ጋ እስኪደርስ ደክሞታል። «ለመጠበቅ» የሚለው የምክንያት ነገር ስላይዱ ላይ ምን ይሠራል? ምክንያቱን ከፖስቱ ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ አስቀምጡት።

የግስ ምርጫ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማርኛ ላይ በጣም የሚያደናግር አንድ ቃል አለ፦ «ጫኑ»። አፕ ጫኑ ማለት ይሆናል፣ በተን ተጫኑ ማለትም ይሆናል፣ ፎቶ ወደ ላይ ጫኑ ማለትም ይሆናል። በአንድ ካሩሰል ውስጥ ሦስቱንም በአንድ ቃል የጻፈ ሰው አይቻለሁ። እኔ ስክሪን ላይ ላለ ነገር «ንኩ»፣ ለአፕ «አውርዱ»፣ ለጽሑፍ «ጻፉ» እላለሁ፣ ከዚያ ካሩሰሉ እስኪያልቅ አልለውጥም። «ይከፈታል»፣ «ይመረጣል» የሚለውን ደግሞ ለትእዛዝ አትጠቀሙበት። አንባቢው እኔ ነኝ የምከፍተው ወይስ ራሱ ነው የሚከፈተው ብሎ ይቆማል። ያ ቅርጽ ለውጤት መስመሩ ይቆይ፦ እናንተ ትነካላችሁ፣ ገጹ ይከፈታል።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚለውም ጣጣ አለው። «ንካ» ካላችሁ ግማሹን አንባቢ ትታችኋል፣ «ንካ/ኪ» ደግሞ በትልቅ ፊደል ሲጻፍ ያስጠላል። «ንኩ» ይገላግላል፣ አጭርም ነው።

ሥዕሉ የስክሪኑ ሙሉ ፎቶ መሆን የለበትም። የስልክ ስክሪን ረጅምና ቀጭን ነው፣ ስላይዱ ደግሞ አጠር ያለ ነው፤ ሙሉውን ከከተታችሁት ጽሑፉ የጉንዳን እግር ያህላል። የሚነካውን መስመር፣ ከላዩና ከታቹ አንዳንድ መስመር ጨምራችሁ ቁረጡ፣ ቦታውን እንዲለይበት ያህል። አንድ ቀስት ወይም አንድ ክብ ብቻ። ሁለት ቀስት ካስፈለጋችሁ ሁለት እርምጃ ይዛችኋል ማለት ነው፣ ቀስቶቹን መቁጠር ራሱ ጥሩ ማጣሪያ ነው።

ስክሪን ላይ የሚነበበውን ስም እንዳለ ጻፉት። «Privacy and Security» የሚለውን «ግላዊነትና ደኅንነት» ብላችሁ ብትተረጉሙት አንባቢው ስልኩ ላይ ያንን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። በተኑ ላይ ያለው ቃል ከስሪት ስሪት የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ቃሉን ትታችሁ «ከታች ያለውን በተን ንኩ» በሉ፣ ቀስቱ ቀሪውን ይናገራል።

የውጤት መስመሩ ብዙ ሰው የሚተወው ነው፣ እኔ ግን ከትእዛዙ እኩል ነው የማየው። ከሥዕሉ ሥር፣ በቀለል ያለ ቀለም፦ «ኮድ ልከንላችኋል የሚል ገጽ ይመጣል»። አንባቢው ከሌላው አፕ ሲመለስ «ሠርቼዋለሁ ወይስ አልሠራሁትም?» የሚለውን የሚመልስለት ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያ ካለ ከትእዛዙ በላይ አስቀምጡት፣ ከታች ወይም በሚቀጥለው ስላይድ ላይ አይደለም። ሰው አንብቦ ጨርሶ አይደለም የሚሠራው፣ ያነበባትን ይሠራና ከዚያ ወደ ታች ያያል። «ይህን አትርሱ» የሚል ስላይድም አይሠራም፤ አለመርሳት የሚነካ ነገር አይደለም። ፓስወርዱን እንዳይረሳው ከፈለጋችሁ «ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጻፉ» በሉት።

የመጀመሪያውና የመጨረሻው

ሽፋኑ ላይ እርምጃ አይኖርም ብዬ ነበር የማስበው። ችግሩ ኢንስታግራም የራሱን ቁጥር ከላይ በቀኝ በኩል ያሳያል። ሽፋኑን 1 ብሎ ሲቆጥር የእኔ «እርምጃ 1» እሱ ጋ 2 ይሆናል፣ አንባቢ «አራተኛው ላይ ቆምኩ» ሲለኝ የትኛው አራተኛ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ሽፋኑንም እርምጃ አድርጌዋለሁ። «የቴሌግራም ሁለተኛ ፓስወርድ» የሚለው ርዕስ በትልቁ፣ ከሥሩ «1. ይህን ፖስት ሴቭ አድርጉ»። የልመና ነገር አይደለም፤ አፕ እየቀያየረ የሚሠራ ሰው ፖስቱን መልሶ የሚያገኘው በዚያ ነው። ቁጥሩም ተስተካከለ። የእናንተን ቁጥር ግን በግራ በኩል አድርጉት፣ በቀኝ ከሆነ ከኢንስታግራሙ ጋር ይደራረባል።

የመጨረሻው ስላይድ ላይ «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ ፎሎው አድርጉ፣ ኮመንት ላይ ጻፉልን» የሚል የተለመደ ሰልፍ አለ። አራት ትእዛዝ ነው፣ አንዱም ሥራውን አይመለከትም። እዚያ ቦታ ላይ ማረጋገጫ አድርጉ። በእኔ ምሳሌ «Two-Step Verification ጎን On መኖሩን እዩ» ነው።

የሚከፋፈል መንገድ ካለ («አንድሮይድ ከሆነ እንዲህ፣ አይፎን ከሆነ እንዲያ») ስላይድ ውስጥ አታስገቡት። አንድ ስላይድ ላይ ሁለት መንገድ ሲኖር ግማሹ አንባቢ የእሱ ያልሆነውን ይሠራል። ሽፋኑ ላይ ለየትኛው ስልክ እንደሆነ ጻፉና ለሌላው ሌላ ካሩሰል ሥሩ፤ ሥዕሎቹን ብቻ ነው የምትቀይሩት።

መጠኑን በፍጥነት ልንገራችሁ፦ 1080 በ1350 ፒክስል በቂ ነው። ሁሉም ስላይድ የመጀመሪያውን ቅርጽ ስለሚይዝ አንዱን ካሬ አንዱን ረጅም አታድርጉ፣ ይቆረጥባችኋል። በዚህ መጠን ትንሿ ጽሑፍ ከ40 ፒክስል፣ ትእዛዙ ከ80 ባያንስ ይሻላል። የእኛ ፊደል ጭረቱ ብዙ ነው፤ ላቲን የሚነበብበት መጠን ላይ «ጨ» እና «ጬ» አንድ ይሆናሉ።

ከሰባት ወደ አሥራ ሁለት

እንደገና የሠራሁት ይህን ይመስላል። የትእዛዝ መስመሮቹን ብቻ ነው የማስቀምጠው።

1. ይህን ፖስት ሴቭ አድርጉ
2. ቴሌግራም ላይ Settings ክፈቱ
3. Privacy and Security ንኩ
4. Two-Step Verification ንኩ
5. ከታች ያለውን በተን ንኩ
6. አዲሱን ፓስወርድ ጻፉ
7. ያንኑ ፓስወርድ ድገሙት
8. አስታዋሽ ቃል ጻፉ
9. የኢሜይል አድራሻችሁን ጻፉ
10. ከቴሌግራም የመጣውን ኢሜይል ክፈቱ
11. ኮዱን ቴሌግራም ላይ ጻፉ
12. Two-Step Verification ጎን On መኖሩን እዩ

እህቴን ያቆማት ያ አንድ መስመር 9፣ 10 እና 11 ሆኗል። 9 ላይ ከትእዛዙ በላይ «አሁን ልትከፍቱት የምትችሉት ኢሜይል ይሁን» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ፓስወርዱን የረሳ ሰው የሚመለሰው በዚያ ኢሜይል ስለሆነ፣ ድሮ ከፍቶ የጣለውን አድራሻ ከሰጠ ጉድ ነው። 10 ላይ የውጤት መስመሩ «ኮዱ ኢሜይሉ ውስጥ ይታያል» ይላል። «ቆይ፣ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳበት ቦታ ነውና።

ለሰው ስጡና ዝም በሉ

ከመለጠፋችሁ በፊት ሥራውን ሠርቶ ለማያውቅ አንድ ሰው ላኩለት፣ በራሱ ስልክ ይሥራው፣ እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ። ዋናው ነገር አፍን መዝጋት ነው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሲሳሳት ስታዩ እጃችሁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። አትንኩት። ጣቱን ብቻ እዩ። ወደ ኋላ ከመለሰ፣ የተመለሰበት ስላይድ ላይ ከአንድ በላይ ነገር አለ። አንድ ስላይድና አፑ መካከል ሁለቴ ከተመላለሰም እንደዚያው። ስላይዱን ሳያነብ ወደፊት ከገፋ ደግሞ ምናልባት ያ ስላይድ ከቀደመው ጋር አንድ ነገር ነው፣ የሻይ መለኪያውን መልሳችሁ አድርጉበት። አንድ ሰው ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራው ያውቀዋልና ምንም አያስተምራችሁም።

ስለዚህ አዲሱን ለእህቴ ሳይሆን ለወንድሜ ሰጠሁት። 9ን አለፈ፣ 10ን አለፈ፣ ኮዱን ጻፈ፣ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። የቆመው እኔ ባልጠበቅሁት ቦታ፣ 7 ላይ ነበር። ፓስወርዱን ጻፈ፣ ቴሌግራም እንደገና ጠየቀው፣ እሱም ፊቱን አጨፈገገና የጻፈውን አጠፋፍቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። «ተሳስቼ መሰለኝ፣ እምቢ አለኝ» አለ። 7ኛው ስላይድ በትክክል «ድገሙት» ይላል፣ እሱ ግን ገና አላየውም፣ ቴሌግራም ውስጥ ነበር። ስሕተቱ 6 ላይ ነው። የውጤት መስመሩን «ወደ ሚቀጥለው ገጽ ያልፋል» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አሁን «ያንኑ ፓስወርድ እንደገና ይጠይቃችኋል፣ አልተሳሳታችሁም» ይላል።